ከሩብ ዓመት ሪፖርት በኋላ የተከፈተ ጋፕ ይሞላል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። የአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ አክሲዮን በ84 ዶላር ገዝቼ ነበር። ዋጋው እዚያው አካባቢ እንዳለ ኩባንያው ማታ ላይ ሪፖርቱን አወጣ። ደንበኞቹ ውል ማደስ እየቀነሱ እንደሆነ ተናገረ፤ የቀጣዩን ሩብ ዓመት የገቢ ትንበያም ዝቅ አደረገ። በማግስቱ አክሲዮኑ በ67 ከፈተ። ለግማሹ 78 ላይ ስቶፕ ሎስ አድርጌ ነበር፤ የተሸጠልኝ ግን በ67 ነው። ብሮከሩ አጭበረበረኝ? የቴሌግራም ጓደኞቼ ደግሞ ‹ጋፕ ሁሌም ይሞላል፣ ጨምረህ ግዛ› ይሉኛል። የአክሲዮኑን የድሮ ቻርት ሳየው ጋፖቹ በሙሉ ተሞልተዋል። ልጨምር?»

ብሮከሩ አላጭበረበረዎትም። ስቶፕ ሎስ በ78 ለመሸጥ የተገባ ቃል አይደለም። ትርጉሙ «ዋጋው 78 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ» ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን በአብዛኛው የሚያወጡት የኒውዮርክ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ወይም ጠዋት ሳይከፈት ነው። በዚያ ሰዓት ግብይት ቢኖርም ቀጭን ነው፤ የአብዛኛው ሰው ስቶፕ ትእዛዝም አይሠራም። ጠዋት ገበያው ሲከፈት የመጀመሪያው ዋጋ 67 ነበር። በ78 የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ በ70ም አልነበረም። ትእዛዝዎ ነቃ፣ ባገኘው ዋጋ ሸጠ። ዋጋው ትናንት ከዘጋበት ዘሎ ሲከፍት በመሃል የሚቀረው ክፍተት ነው ጋፕ የሚባለው፤ ዋጋው ተመልሶ ትናንት የዘጋበት ሲደርስ ደግሞ ጋፑ ሞላ ይባላል።

«ስቶፕ ሊሚት ባደርግስ?» ካሉ ደግሞ ጭራሽ አይሸጥልዎትም ነበር፤ ከወሰኑበት ዋጋ በታች ስለማይሸጥ አክሲዮኑ እጅዎ ላይ ይቀር ነበር። ፑት ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮኑን ቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት፣ መግዛት ይቻላል። ነገር ግን ሪፖርት ሲቃረብ ዋጋው ይወደዳል፤ በየሩብ ዓመቱ ከገዙት ትርፍዎን ይበላል። ያለ ተጨማሪ ወጪ ከሪፖርት ጋፕ በርግጥ የሚጠብቅዎት ከሪፖርቱ በፊት የያዙት የአክሲዮን ብዛት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ጋፕ ሁሌም ይሞላል» የሚለው አባባል ትልቁ ጉድለቱ ቀን የለውም። በሦስት ቀን የሚሞላ ጋፕና በሁለት ዓመት የሚሞላ ጋፕ ለኪስዎ አንድ አይደሉም። ቀን ካልተቆረጠለት ደግሞ አባባሉ መቼም ሊሸነፍ አይችልም፤ ያልተሞላ ሁሉ «ገና ነው» ይባላላ። የድሮ ቻርትም ያታልላል። እዚያ ላይ ተሞልተው የሚያዩዋቸው ጋፖች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ጠዋት ገበያው በሙሉ ትንሽ ሲንሸራተት የሚፈጠሩ፣ ስለ ኩባንያው አንድም አዲስ ነገር የማይናገሩ ናቸው። እነዚህ በብዛት በቀናት ውስጥ ይሞላሉ። የእርስዎ የ20 በመቶ ጋፕ ከነሱ ጎራ አይደለም። ጋፓቸው ሳይሞላ የወደቁና ከገበያ የወጡ ኩባንያዎችን ቻርት ደግሞ ማንም ከፍቶ አያሳይዎትም።

የሪፖርት ጋፕ እንዲያውም ወደ ተቃራኒው ያደላል። ሬይ ቦልና ፊሊፕ ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ያስተዋሉት ነገር አለ። ሪፖርቱ መጥፎ አስደንጋጭ ዜና ከያዘ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወርዶ አያበቃም፤ ለሳምንታት ወደዚያው አቅጣጫ መንሸራተት ይቀናዋል። ጥሩ ዜና ከሆነም እንዲሁ ወደ ላይ። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ጉልበቱ ቢቀንስም፣ «ሪፖርት የከፈተው ጋፕ ወደ ኋላ ይመለሳል» ብሎ ለመነሳት መሠረት አይሰጥም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብዙ ሚሊዮን አክሲዮን የያዘ ፈንድ በአንድ ቀን ሸጦ መውጣት አይችልም፤ ራሱ ዋጋውን ይጥለዋል። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸጠ ይወጣል። ተንታኞችም ትንበያቸውን የሚያስተካክሉት በአንድ ሌሊት አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው «ይሞላል ወይ?» ሳይሆን «ጋፑን የከፈተው ምክንያት ከሚቀጥለው ሪፖርት በፊት ሊቀለበስ ይችላል ወይ? ማንስ ሊቀለብሰው ይችላል?» መሆን አለበት። ቀጣዩ ሪፖርት ሦስት ወር ገደማ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዲስ ዜናና አዲስ ዋጋ ነው፤ ያኔ ጋፑ ቢሞላም የሞላው ሌላ ታሪክ ነው። ይህን ከማንም በላይ አጥርቶ የሚያሳየው የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያው አንድ ኩባንያ፣ አራት ትልልቅ የሪፖርት ጋፖች ከፈተ። ዕጣቸው ግን ተለያየ።

የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 2022 ነው። ሜታ በሪፖርቱ ዕለት በ323 ዶላር ዘጋ። በማግስቱ 244 አካባቢ ከፍቶ በ237.76 ዘጋ፤ 26 በመቶ ወረደ። የኩባንያው ዋጋ በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ። ምን ሰማ ገበያው? የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚዎች ቁጥር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀዳሚው ሩብ ዓመት ዝቅ አለ። አፕል በአይፎን ላይ ያመጣው የግላዊነት ለውጥ የማስታወቂያ ሥራውን በዚያ ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ተነገረ። ቲክቶክ ወጣቱን እየወሰደ ነበር። የቀጣዩ ሩብ ዓመት የገቢ ትንበያም ከተጠበቀው በታች ሆነ።

እስቲ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዩዋቸው። አፕል ሐሳቡን እንዲቀይር ሜታ ማዘዝ አይችልም። ቲክቶክን ማስቆምም አይችልም። የማስታወቂያ ሥርዓቱን እንደገና መገንባት ይችላል፤ እሱ ግን የሳምንታት ሥራ አይደለም። ማለትም ጋፑን የከፈተው ነገር ከውጭ የመጣ፣ ገቢውን ራሱን የሚነካ፣ በሦስት ወር የማይቀለበስ ነበር። በ237 «ይሞላል» ብሎ የገዛ ሰው በኖቬምበር 2022 አክሲዮኑን 88 ዶላር አካባቢ አየው። ከገዛበት 63 በመቶ ወርዷል። ጋፑ በመጨረሻ ተሞላ፤ ዋጋው 323ን የነካው በጁላይ 2023 መጨረሻ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። አባባሉን የሚወዱ ሰዎች «አየህ፣ ሞላ» ይላሉ። ስንቱ ነው ግን 88 ላይ ሳይሸጥ የቆየው?

ሁለተኛው ኤፕሪል 2022 ነው፤ ይሄኛው ወደ ላይ ነው። ከ174.95 ተነስቶ በማግስቱ በ205.73 ዘጋ፣ ከ17 በመቶ በላይ ጨመረ። ተጠቃሚዎች ተመልሰው ስላደጉ ገበያው እፎይ አለ። ቁጥሮቹን የከፈተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነብ ነበር። ገቢው ያደገው በ7 በመቶ ብቻ ነው። ቀጣዩ ትንበያም ተንታኞች ከጠበቁት ያነሰ ነበር። በፌብሩዋሪ ዋጋውን የጣለው ምክንያት እዚያው እንደተቀመጠ ነው፤ የተለወጠው ስሜት ነው። ይህ ጋፕ ጁን አጋማሽ ላይ ሙሉ በሙሉ ተሞላ፤ ቀጣዩ ሪፖርት ሳይመጣ። በእፎይታ ብቻ የተከፈተ ጋፕ እግር የለውም።

ሦስተኛው ኦክቶበር 2022። ከ129.82 ወደ 97.94፤ 24 በመቶ ገደማ ወደ ታች። ገቢው እየቀነሰ ነበር፤ ያም ሆኖ ገበያውን ከሁሉ በላይ ያስቆጣው ወጪው ነው። ኩባንያው በ2023 ከ96 እስከ 101 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚያደርግ ተናገረ። ለሜታቨርስ የሚፈሰው ገንዘብም እንደሚጨምር አስታወቀ። ይሄ ከፌብሩዋሪው ጋር አንድ አይደለም። ወጪን የሚወስነው ራሱ አስተዳደሩ ነው፤ በአንድ ስብሰባ ሊቀይረው ይችላል። ቀየረውም። ኖቬምበር 9 ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን አሰናበተ፣ የወጪ ዕቅዱንም ዝቅ አደረገ። በማግስቱ የዋጋ ንረት ቁጥር ከተጠበቀው ተሽሎ ወጣና ገበያው በሙሉ ተነሳ። ጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ላይ አክሲዮኑ 130 ደረሰ። ጋፑ በአሥር ሳምንት ገደማ ሞላ።

አራተኛው ፌብሩዋሪ 2023። ከ153.12 ተነስቶ በ188.77 ዘጋ፣ 23 በመቶ ወደ ላይ። ኩባንያው የወጪ ዕቅዱን ወደ 89–95 ቢሊዮን አወረደ። የራሱን አክሲዮን ለመግዛት 40 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ። ይሄ እንደ ኤፕሪሉ እፎይታ አልነበረም። አክሲዮኑን ለአንድ ዓመት ሲያደቅቀው የነበረው ምክንያት ራሱ ተቀለበሰ። ይህ ጋፕ ከዚያ ወዲህ አልተሞላም። «ሁሌም ይሞላል» ብሎ ሾርት ያደረገ፣ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብሎ አክሲዮን ተበድሮ የሸጠ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት ይችላሉ። (ቻርትዎ ላይ እነዚህ ዋጋዎች ትንሽ ዝቅ ብለው ቢታዩ አይደናገሩ። ሜታ ከ2024 ጀምሮ የትርፍ ድርሻ ስለሚያከፋፍል አንዳንድ ቻርቶች የድሮውን ዋጋ ያስተካክሉታል።)

ታዲያ ምክንያቱን እንዲህ መመዘን ሁልጊዜ ይሠራል? አይሠራም። በኤፕሪል 2024 ሜታ እንደገና በወጪ ምክንያት ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። ወጪውን ግን አልቀነሰም። ጋፑ ደግሞ በጁን መጀመሪያ ሞላ። ለምን? ገቢው በ27 በመቶ እያደገ ነበር። የተጎዳው የትርፍ ተስፋ እንጂ ገንዘብ የሚያመጣው ሞተር አልነበረም። ስለዚህ ምክንያቱን ሲመዝኑ መጀመሪያ የሚያዩት ገቢ ነው። ገቢው ተነክቷል? ከተነካስ በማን? ከዚያ በኋላ ነው ወጪ የሚመጣው።

ከምክንያቱ ቀጥሎ ዋጋው ራሱ የሚነግርዎትን ያንብቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግብይቱን ብዛት ሲያይ ነው። «ብዙ ተሸጧል፣ ሻጭ አልቋል» ይላል። ከትልቅ ሪፖርት በኋላ ግን ግብይቱ ሁልጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ነው፤ በሚሞላውም በማይሞላውም ጋፕ። ብዛቱ ብቻውን አይለይልዎትም። የሚሻለው ዋጋው በዕለቱ የት እንደዘጋ ማየት ነው። ከከፈተበት በላይ ከዘጋ ገዢ መጥቷል ማለት ነው። ከከፈተበት በታች፣ የዕለቱ ዝቅተኛ ዋጋ አጠገብ ከዘጋ ግን ሻጩ ገና አልጨረሰም። ከዚያ ሁለት ቀን ይጨምሩና ያ ዝቅተኛ ዋጋ መያዙን ይዩ። በፌብሩዋሪ 2022 ሜታ ከከፈተበት በታች ዘጋ። በሦስተኛው የግብይት ቀን ደግሞ የጋፑን ቀን ዝቅተኛ ዋጋ ሰብሮ በ225 አካባቢ ዘጋ። ምልክቱ ግልጽ ነበር።

ሐቁን ለመናገር ይህም ምልክት ይሳሳታል። በኦክቶበሩ ጋፕ ዋጋው መጀመሪያ ዝቅተኛውን ሰብሮ 88 አካባቢ ድረስ ወርዶ ነበር። በዚያ ደንብ የወጣ ሰው ትክክል መስሎት ወጣ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ አክሲዮኑ 111 ሆነ። ነገር ግን በ95 አካባቢ ወጥቶ በ111 ተመልሶ የገባ ሰው የከሰረው የሚቆጠር ነው። በፌብሩዋሪው ጋፕ ሳይወጣ የቀረ ሰው ግን ከግማሽ በላይ ገንዘቡን ሲያጣ ተቀምጦ አይቷል። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም።

የጋፑን መጠንም በኦፕሽን ዋጋ መለካት ይቻላል። ከሪፖርቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ቅርቡ ሳምንት የሚያልቁትን፣ ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር እኩል የሆኑትን ኮል፣ ማለትም የመግዛት መብት፣ እና ፑት ዋጋቸውን ይደምሩ። አክሲዮኑ 100 ዶላር ሆኖ ሁለቱ በድምሩ 8 ዶላር ከሆኑ፣ ገበያው ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ያህል ጠብቋል ማለት ነው። ጋፑ 5 በመቶ ከሆነ ከተጠበቀው ውስጥ ነው፤ ትልቅ ትርጉም አይስጡት። የተጠበቀውን እጥፍ ካለፈ ግን ገበያው ኩባንያውን እንደ አዲስ እየተመነው ነው። እንዲህ ያለው ጋፕ በፍጥነት የመሙላት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሒሳቡንም አይርሱ። ከ84 ወደ 67 መውረድ 20 በመቶ ነው። ከ67 ወደ 84 መመለስ ግን 25 በመቶ ከፍ ማለት ይጠይቃል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ እንደ እርስዎ ከላይ የገዙ ብዙ ሰዎች አሉ። ዋጋው ወደ ገዙበት ሲጠጋ «ቢያንስ ሳልከስር ልውጣ» ብለው ይሸጣሉ። ለዚህ ነው ብዙ ጋፕ ግማሹን ሞልቶ የሚቆመው።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ እንየው። ደንበኞች ውል ማደስ ቀንሰዋል። የገቢ ትንበያ ወርዷል። ይህ ገቢውን ይነካል። የሚወስኑትም ደንበኞቹ እንጂ አስተዳደሩ አይደለም። የሶፍትዌር ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የሚታደስ ነው፤ ዛሬ የወጣ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር አይመለስም። ኩባንያው ሠራተኛ ቢቀንስ ትርፉን ትንሽ ያሻሽል ይሆናል። የሄደውን ደንበኛ ግን አያመጣለትም። ይሄ የፌብሩዋሪ 2022 ዓይነት ጋፕ ነው።

ስለዚህ አይጨምሩ። ጋፕ ይሞላል የሚለው ብቸኛ ምክንያትዎ ከሆነ ለመግዛት ምክንያት የለዎትም። የቀረውን ግማሽ በተመለከተ፣ የጋፑን ቀን ዝቅተኛ ዋጋ ይጻፉት። ገበያው ከዚያ በታች ከዘጋ፣ በማግስቱ ይሽጡ። ካልዘጋ መያዝ ይችላሉ፤ ግን የሚቀጥለው ሪፖርት የሚወጣበትን ቀን ከአሁኑ ይያዙ። ከዚያ ቀን በፊት ሌላ የ20 በመቶ ጋፕ ቢመጣ የማይጎዳዎት መጠን ድረስ ይቀንሱ። በሪፖርቱ ላይ የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፦ የውል እድሳቱ። እሱ ካልተሻሻለ፣ ዋጋው ትንሽ ተነስቶ እንኳ ቢሆን፣ ይውጡ። ከተሻሻለ ከ67 ትንሽ ከፍ ብሎ መግዛት ኪሳራ አይደለም፤ ምክንያቱ መለወጡን አውቀው ነው የሚገዙት።

አንድ ነገር አሁኑኑ ያስቡበት፤ አሜሪካ ስለሚኖሩ። ግማሹን በኪሳራ ሸጠዋል። ያንን አክሲዮን ከሸጡበት ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከገዙ፣ በገዙት ልክ ያለውን ኪሳራ ለጊዜው ከግብርዎ ላይ መቀነስ አይፈቀድልዎትም፤ በአዲሱ አክሲዮን የመግዣ ዋጋ ላይ ይደመራል። በጡረታ ሒሳብዎ በአይ አር ኤ ከገዙት ደግሞ ኪሳራው ጭራሽ ይጠፋብዎታል። ጓደኞችዎ ዛሬ ጨምር ሲሉዎት ይህን አልነገሩዎትም። ስለዚህ ሐሳብዎን ቢቀይሩ እንኳ ቢያንስ 31 ቀን ይጠብቁ። እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው ዋጋ መያዙ ወይም መሰበሩ ለይቶለት ይሆናል።